የቡና ፍሬው ምልክት፦ የሆድ ራጅ የአንጀት መዘጋትን እንዴት ያሳያል?

ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ሰገራም ፈስም እምቢ ያለው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ቶሎ ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ የሆድ ራጅ ነው። ዋጋው ብዙ አይደለም። በደቂቃዎች ያልቃል። ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታልም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቤተሰብ ፊልሙን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ሲያየው ግን ከአጥንቱ በስተቀር ጥቁርና ግራጫ ዝብርቅርቅ ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ በስልክ ፎቶ አንስቶ ሐኪም ለሆነ ዘመድ ይልካል። ዘመድም «መስመር ይታያል፣ አንጀቱ ተዘግቷል» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ያ መስመር ከተራ ተቅማጥ የመጣ ነው።

የአንጀት መዘጋት ምክንያቱ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓና በአሜሪካ ትንሹን አንጀት በብዛት የሚዘጋው ከቀድሞ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚፈጠር ጠባሳ ነው፤ አንጀቱን እርስ በርስ ያጣብቀዋል። ትልቁን አንጀት በብዛት የሚዘጋው ደግሞ ካንሰር ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አንጀት በራሱ ላይ መጠምዘዙ ነው። ሐኪሞች ቮልቩለስ ይሉታል። ትንሹም አንጀት ይጠመዘዛል፣ ትልቁም ይጠመዘዛል። እዚህ ላይ የምናተኩረው ሲግሞይድ በሚባለው፣ ከፊንጢጣ በላይ ባለው የትልቁ አንጀት ክፍል መጠምዘዝ ላይ ነው። ራጅ በጣም ጎልቶ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነውና።

ጥቁሩ ምንድን ነው?

ራጅ አንጀትን ራሱን በደንብ አያሳይም። አየር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ አጥንት ነጭ። ውሃ፣ ጡንቻ፣ ጉበት፣ የአንጀት ግድግዳ ሁሉም ተቀራራቢ ግራጫ ናቸው። ስለዚህ አንጀት የሚታየው ውስጡ አየር ካለ ብቻ ነው። አየሩ ቅርጹን ይስልልናል። በፈሳሽ ብቻ የተሞላ አንጀት ግን ግራጫ ውስጥ ያለ ግራጫ ስለሆነ ከዓይን ይሰወራል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

በጤነኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ አየር አለ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥም አለ። ትንሹ አንጀት ውስጥ ግን ጥቂት ብቻ ነው። የዋጥነው አየር ቶሎ ያልፈዋልና። መንገዱ ሲዘጋ የሚዋጠው አየር ከመዘጊያው በላይ ይከማቻል። ፈሳሹም እንዲሁ። ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞትና ሌሎች የምግብ መፍጫ ፈሳሾች ከምንጠጣው ጋር ተደምረው በቀን ከ7 እስከ 9 ሊትር ገደማ ወደ አንጀት ይገባሉ። በደህናው ጊዜ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይመጠጣል። ሲዘጋ ግን አንጀቱ ውስጥ ይታቆራል፣ ወይም በትውከት ይወጣል። ታማሚው ውጭ ሲታይ ሆዱ ሙሉ፣ ምላሱ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንጀቱ የትኛው ነው፣ ምን ያህል ተነፋ?

የመጀመሪያው ፊልም ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ይነሳል። ብዙው መረጃ ያለው እዚህ ፊልም ላይ ነው። አንባቢው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የተነፋው አንጀት የትኛው ነው፣ ስፋቱስ ምን ያህል ነው?

ትንሹ አንጀት ሲነፋ የሆዱን መሀል ይይዛል። ውስጡ ቀጫጭን እጥፋቶች አሉት፤ በፊልሙ ላይ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ተሻግረው እንደ ቀጭን መስመር ይታያሉ። ትልቁ አንጀት ደግሞ የሆዱን ዳር ዳር ይከተላል። የሱ እጥፋቶች ወፈር ያሉ፣ የተራራቁና ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ሳይደርሱ የሚቆሙ ናቸው። ሰገራ ያለበት ቦታም ዝንጉርጉር ሆኖ ይታያል፣ ያ ብቻውን «ይህ ትልቁ አንጀት ነው» ለማለት ይረዳል።

ስፋትን በተመለከተ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚሸመድዳቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 3፣ 6 እና 9። ትንሹ አንጀት ከ3 ሴንቲሜትር፣ ትልቁ ከ6፣ የትልቁ አንጀት መነሻ የሆነው በቀኝ በኩል ያለው ሴከም ደግሞ ከ9 ሴንቲሜትር ከበለጡ ተነፍተዋል ይባላል። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፣ ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ዲጂታል ራጅ ሲታተም ብዙ ጊዜ ተቀንሶ ስለሚወጣ ፊልሙ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ ያታልላል። በስልክ የተላከ ፎቶማ ጭራሽ መለኪያ የለውም። ስለዚህ ስፋቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ይለካል፣ ወይም ፊልሙ ላይ የታተመውን መለኪያ መስመር አይቶ ይሰላል።

ቀጥሎ የሚታየው አየሩ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ከመዘጊያው በላይ ይነፋል፣ ከመዘጊያው በታች ባዶ ይሆናል። ትንሹ አንጀት ተነፍቶ ትልቁ ውስጥ አየር ከሌለ መዘጊያው ትንሹ ላይ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ዳሌ ውስጥ ያለው የፊንጢጣ አየርም ይፈለጋል። እዚያ አየር አለመኖሩ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ነገር ግን ሰው ከተዘጋበት ብዙም ካልቆየ ከመዘጊያው በታች የነበረው አየር ገና ሳይወጣ ሊገኝ ይችላል። ፊልሙ ከመነሳቱ በፊት በፊንጢጣ በሚደረግ የጣት ምርመራ ወይም የአንጀት እጥበት አየር ገብቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ «አየር አለ፣ አልተዘጋም» ማለት ስህተት ነው።

መስመሩ ከየት ይመጣል?

አሁን ብዙ ሰው ወደሚያወራለት የአየርና የፈሳሽ መስመር እንምጣ። አንድ የአንጀት ክፍል ውስጥ አየርና ፈሳሽ አብረው ካሉ ፈሳሹ ወደ ታች ይሄዳል፣ አየሩ ከላይ ይቀመጣል። በመሀላቸው የሚፈጠረው ወለል ፍጹም ቀጥ ያለ፣ አግድም መስመር ነው። ከላዩ ጥቁር፣ ከታቹ ግራጫ።

ይህ መስመር የሚታየው ግን የራጁ ጨረር በጎን፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ሲመጣ ነው። ሰውዬው በጀርባው ተኝቶ ጨረሩ ከላይ ወደ ታች ከወረደ መስመሩ አይታይም፤ ጨረሩ የፈሳሹን ወለል ከአናቱ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለተኛው ፊልም ታማሚው ቆሞ ወይም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ቢቻል እስከ 10 ደቂቃ፣ እንደዚያው መቆየት አለበት። አየርና ፈሳሹ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ነው። መቆም የማይችል ሰው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጨረሩ በጎን እንዲመጣ ይደረጋል። በግማሽ ጋደም ብሎ የተነሳ ሰው ፊልም ላይ መስመሩ ሊጠፋ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። «መስመር የለም» ከማለት በፊት ፊልሙ እንዴት እንደተነሳ መጠየቅ ያስፈልጋል። ራጅ ክፍል ውስጥ ያለው ባለሙያ «ቆሞ» ወይም «ተኝቶ» ብሎ ካልጻፈበት ግማሹ ትርጉም ጠፋ ማለት ነው።

እና መስመር ማየት ብቻውን በሽታ አይደለም። ጨጓራ ውስጥ አንድ ትልቅ መስመር ሁልጊዜ ሊኖር ይችላል። ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት ውስጥም እንዲሁ። እዚህም እዚያም ጥቂት አጫጭር መስመሮች በጤነኛ ሰው ላይ ይገኛሉ። ተቅማጥ የያዘው ሰው አንጀቱ በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ብዙ መስመር ሊያሳይ ይችላል። እጥበት የተደረገለትም እንደዚሁ።

የሚያሳስበው መስመር መልኩ ሌላ ነው። በተነፋ አንጀት ውስጥ ይሆናል። ብዙ ይሆናል። ሰፊ ይሆናል፤ 2.5 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ። አንዱ የአንጀት ቅስት ሁለት እግሮች ላይ ያሉት መስመሮችም ከፍታቸው እኩል አይሆንም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። አንጀቱ መዘጊያውን ለመግፋት ሲታገል የሚፈጠር ልዩነት ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ያግዛል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

አንጀት ሳይዘጋ ዝም ብሎ ሥራ ሲያቆምም ተመሳሳይ ምስል ይመጣል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ቀናት፣ በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ፣ ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲቀንስ አንጀት እንደ መሽመድመድ ይላል። ያኔ ትንሹም ትልቁም አብረው ይነፋሉ፣ አየሩም እስከ ፊንጢጣ ድረስ ይዘልቃል። «እዚህ ጋ ቆመ» የሚባል ቦታ አይገኝም። ሐኪሙ ሆዱን ሲያዳምጥም ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ በተዘጋ አንጀት መጀመሪያ ላይ ግን ቁርጠቱ መጣ ሄደ እያለ ሆዱ በኃይል ይንጎራጎራል።

የአንድ ታማሚ ፊልም

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየውን እኔ ፈጠርኳቸው፤ ታሪኩ ግን በየሆስፒታሉ ያለ ነው። የ60 ዓመት ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ከገጠር ይዟቸው መጣ። ሆዳቸው ከተነፋ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ይህን ነው፦ «አባባ፣ ፈስ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣዎት መቼ ነው?» ትንሽ አፍረው «ከትናንት ወዲያ ጠዋት» አሉ። ትውከቱ ገና ዛሬ ነው የጀመራቸው። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲህ ነፍቷቸው በራሱ ለቋቸዋል። ኦፕራሲዮን ተደርገው አያውቁም።

ከፊልሙ በፊት እንኳ ብዙ ተነግሯል። ትውከቱ ዘግይቶ መጀመሩ መዘጊያው ወደ ታች፣ ትልቁ አንጀት አካባቢ መሆኑን ይጠቁማል። ላይ ላይ ሲዘጋ ትውከት ይቀድማል፣ መነፋት ያንሳል። ኦፕራሲዮን አለመኖሩ ጠባሳውን ያርቃል። ነፍቶ መልቀቁ ደግሞ ተጠምዝዞ የሚፈታ አንጀትን ያስታውሳል። ሐኪሟ ብሽሽታቸውንም አየች፤ እዚያ ተሰንቅሮ የቀረ ሄርኒያ ራጅ ላይ በቀላሉ ያመልጣልና። የለም።

በጀርባቸው ተኝተው የተነሳው ፊልም መጣ። ከዳሌ ተነስቶ እስከ ሆዱ ጣሪያ የወጣ፣ የተገለበጠ ዩ የመሰለ አንድ ግዙፍ ጥቁር ቅስት አለ። ስፋቱ 14 ሴንቲሜትር። የትልቁ አንጀት እጥፋቶች ከመወጠሩ ብዛት ጠፍተዋል። ሁለቱ እግሮቹ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፣ በመሀላቸውም ወፈር ያለ ግራጫ መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የሁለቱ እግሮች ግድግዳ ተደርቦ የሰራው መስመር ነው። ጥቁሩ ቅስት ከመሀል መስመሩ ጋር ሲታይ መሀሏ የተሰነጠቀች የቡና ፍሬ ይመስላል። ዓለም ላይ ያለ የራጅ ሐኪም ሁሉ የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው፣ የቡና ፍሬ ምልክት። መስመሮቹን ወደ ታች ብንከተላቸው ዳሌ ላይ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። ጠመዝማዛው ያለው እዚያ ነው። ፊንጢጣ ውስጥ አየር የለም።

ተቀምጠው የተነሱት ፊልም ላይ በቅስቱ ሁለት እግሮች ውስጥ ሁለት ሰፋፊ መስመሮች አሉ። የደረት ራጅም ተነስቷል፣ ያውም ቀጥ ብለው ተቀምጠው። ያን ያስነሳችው ሳንባቸውን ለማየት ብቻ አይደለም። አንጀት ከተበሳ አየሩ ያመልጥና ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በዲያፍራም ሥር፣ ከጉበት በላይ፣ እንደ ቀጭን ጥቁር ጨረቃ ይታያል። የለም።

ሆዳቸው ሲነካ ተወጥሯል ግን አልደረቀም። ትኩሳት የለም። የልብ ምታቸው 92። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን አልሄዱም። በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ተሰቀለላቸው፣ በአፍንጫ የጨጓራ ቱቦ ገባላቸው። ከዚያ ሐኪሞቹ በፊንጢጣ በመሳሪያ እያዩ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ለስላሳ ቱቦ አሳለፉ። አየሩና ቀጭን ሰገራው ገንፍሎ ወጣ። ሆዱ በደቂቃዎች ሟሸሸ። አንጀቱ እንደገና እንዳይጠመዘዝ ቱቦው ለአንድ ሁለት ቀን እዚያው ታስሮ ይቆያል፣ አየሩ መውጣቱም በሌላ ፊልም ይታያል። አንጀቱ ረጅምና ልል ስለሆነ ግን ዝም ከተባለ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ፣ አንጀቱ ከጸዳ በኋላ፣ ያንን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይመከራል።

ያው ፊልም፣ ሌላ ሰው

አሁን ከጎናቸው አልጋ ላይ ሌላ ሰው አስቡ። ፊልሙ ቁርጥ የሳቸው ነው፤ ያው የቡና ፍሬ፣ ያው 14 ሴንቲሜትር፣ ከዲያፍራም ሥር አየር የለም። ግን የልብ ምቱ 130 ነው። ትኩሳት አለው። ሆዱ ደርቋል፣ መንካት አያስችልም። ቁርጠቱ መጣ ሄደ ማለቱን ትቶ የማያቋርጥ ሕመም ሆኗል። በጣት ምርመራ ደም ያለበት ፈሳሽ ወጣ።

ይህ ሰው ቱቦ አይጠብቅም። አንጀቱ ሲጠመዘዝ ደም ሥሮቹም አብረው ታንቀዋል፣ ግድግዳው እየሞተ ነው። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የሚሄደው። ራጁ ግን ልዩነታቸውን አላሳየም። ደም መቋረጡን ፊልም ላይ ማየት አይቻልም። ዘግይቶ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ አየር ሲገባ ወይም አንጀቱ ሲበሳ ሊታይ ይችላል፤ ያኔ ግን መሽቷል። በእኔ እምነት የሆድ ራጅን በተመለከተ ከሁሉ የሚያደናግረው ይህ ነው፤ ሰው «ፊልሙ ላይ የተለየ ነገር የለም» ሲባል የተረጋጋ ይመስለዋል።

የትንሹ አንጀት መጠምዘዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የታነቀው ክፍል ከሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ በፈሳሽ ብቻ ሊሞላ ይችላል። አየር ከሌለ ቅርጽ የለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይሄ ነው። ሆዱ በሙሉ ግራጫ፣ አየር አልባ ሆኖ ይወጣል፣ ላላወቀ ሰውም ደህና ፊልም ይመስላል። አንዳንዴ የሚቀረው ፍንጭ በእጥፋቶቹ መሀል የታሰሩ ጥቃቅን የአየር ነጠብጣቦች ናቸው፤ ቆሞ በተነሳ ፊልም ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይታያሉ። በከባድ ሕመም የሚያቃስት፣ የሚያስመልስ ሰው ሆዱ ላይ አየር የሌለበት ፊልም ካሳየ ሐኪሙ ይበልጥ ሊጠረጥር ይገባል። ሲቲ ስካን ካለ ይነሳል፤ መዘጊያውን፣ ምክንያቱንና የደም ሥሩን ሁኔታ ያሳያል። ከሌለ ሆዱ እየተነካ፣ የልብ ምቱ እየተቆጠረ በየጥቂት ሰዓቱ መመልከት ነው፤ ሕመሙ ከጠና ፊልም ሳይጠበቅ ይከፈታል።

ከኦፕራሲዮን ጠባሳ የተነሳ ተዘግቶ፣ ግን ሆዱ ያልደረቀና ትኩሳት የሌለው ሰው ላይ ራጅ ሌላም ጥቅም አለው። በጨጓራ ቱቦ በኩል በውሃ የሚሟሟ፣ ፊልም ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ መድኃኒት ይሰጠውና ከሰዓታት በኋላ ፊልም ይነሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ነጩ ትልቁ አንጀት ከደረሰ ብዙ ጊዜ ያለ ኦፕራሲዮን ይለቀዋል። ካልደረሰ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቢላውን ያዘጋጃል። አንጀቱ ተበስቷል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ግን ባሪየም የሚባለው ወፍራሙ ነጭ ፈሳሽ አይሰጥም፤ ወደ ሆድ ዕቃ ካመለጠ ከባድ ቁጣ ያስነሳል።